ድምፅ ዘግቶ ለሚያይ ሰው ቪዲዮ ላይ ምን ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ነው፤ የአገር ቤት ምግብ አሠራር አጫጭር ቪዲዮ ለፌስቡክ፣ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ እሠራለሁ። የምናገረውን ሁሉ አንድም ሳይቀር ከታች በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ሥራ ቦታና ባቡር ውስጥ ድምፅ ዘግተው የሚያዩት ጓደኞቼ ግን «ምን እንደሠራሽ አልገባንም» ይሉኛል። ለምሳሌ የዶሮ ወጡ ቪዲዮ 75 ሰከንድ ነው። ሽንኩርቱ ጋ 8 ሰከንድ ውስጥ እንዲህ እላለሁ፦ «እንግዲህ ሽንኩርታችንን እንዲህ አድርገን በደንብ እያማሰልን፣ ዘይት ምንም ሳንጨምርበት፣ ውሃው ምጥጥ እስኪል ድረስ እናቁላላዋለን፤ ጊዜ ይወስዳል፣ አትቸኩሉ፣ በርበሬውን አሁን እንዳትጨምሩ»። ይሄንኑ እንዳለ ጻፍኩት። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ችግሩ ሁሉንም መጻፍሽ ላይ ነው። ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው ዓይኑን ለሁለት ሥራ ነው የሚጠቀምበት። ያነባል፣ ያያል። ሁለቱን እኩል ማድረግ ግን አይችልም። ጽሑፉን ሲያነብ ድስቱን አያይም፤ ድስቱን ሲያይ ጽሑፉ ያልፈዋል። የጻፍሽው 20 ቃል ነው፤ ጊዜው 8 ሰከንድ። እኔ አማርኛ ቪዲዮ ላይ ስጽፍ በሰከንድ ከ2 ቃል አላስበልጥም። በዚያ ሂሳብ ለንባብ ብቻ 10 ሰከንድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሽንኩርቱን የሚያይበት ጊዜ ከየት ይምጣ?

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፍጥነት መመሪያ አይተሽ ከሆነ አይሸውድሽ። እዚያ በሰከንድ 17 ወይም 20 ፊደል ይፈቀዳል። የእኛ ፊደል ግን አንዱ ብቻውን ተነባቢና አናባቢ ይዟል፤ አንዱ ቃላችንም ብዙ ነገር ተሸክሞ ነው የሚመጣው። «ሳንጨምርበት» አንድ ቃል ነው፣ ግን ማን፣ ምን እንደማያደርግና ምን ላይ እንደሆነ ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። ስለዚህ እኔ በሰከንድ ከ8 እስከ 10 ፊደል አድርጌ ነው የምሠራው፤ በላዩ ላይ ምስሉን የሚያይበት አንድ ሰከንድ እጨምራለሁ። «ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላሉ» 15 ፊደል ነው። ለንባብ 2 ሰከንድ ገደማ፣ ለማየት 1፤ በጠቅላላው 3 ሰከንድ ስክሪን ላይ ይቆይ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መጀመሪያ የራስሽን ቪዲዮ ጽሑፉን ሁሉ አውጥተሽ፣ ድምፁን ዘግተሽ እዪው። ወረቀት ያዢና ምስሉ ብቻውን የማይናገረውን ነገር ጻፊ። በምግብ ቪዲዮ ላይ ሁሌም የሚጎድሉት ተመሳሳይ ናቸው።

አንደኛው ስምና መጠን ነው። «ይሄን እንጨምራለን» ስትይ ድምፁ ያለው ሰው ቀጥሎ «ንጥር ቅቤ» ስትይ ይሰማል። ድምፁን የዘጋው ሰው የሚያየው ቢጫ ፈሳሽ ነው። የቀለጠ ቅቤና ዘይት ቪዲዮ ላይ አይለዩም። ቀይ ዱቄት በርበሬ ይሁን ሚጥሚጣ አይታወቅም። ነጭ ነገር ጨው ነው ስኳር? ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር ወደ ድስቱ ሲገባ ስሙና ልኩ እዚያው ይጻፍ፦ «ንጥር ቅቤ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ»። «ማንኪያ» ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው፤ የሻይ ነው የሾርባ ብሎ የሚጠይቅሽ አይጠፋም። ቁጥሩንም በአኀዝ አድርጊው። «3» በጨረፍታ ይታያል፤ «ሦስት» ይነበባል።

ሁለተኛው የጠፋው ጊዜ ነው። ይሄኛው ነው ብዙ ቪዲዮ የሚያበላሸው። ቪዲዮሽን ስትቆርጪው ጥሬው ሽንኩርትና የተቁላላው ሽንኩርት ጎን ለጎን ይመጣሉ። አንቺ በድምፅ «ጊዜ ይወስዳል» ብለሻል። ምስሉ ላይ ግን ምንም የለም። ድምፅ ለሌለው ሰው ሽንኩርቱ በአንድ ሰከንድ ነው የበሰለው። ዶሮ ወጥ ሠርቶ የማያውቅ ልጅ ቪዲዮሽን አይቶ ሽንኩርቱን 10 ደቂቃ አቁላልቶ በርበሬ ይጨምርና ወጡ ጣፋጭ ጣፋጭ ብሎት፣ ውሃና ሽንኩርቱ ተለያይቶበት «የእሷ አሠራር አይሆንም» ይላል። ጊዜ የተዘለለበት ቦታ ሁሉ ላይ፣ ልክ አዲሱ ምስል ሲጀምር «ከ40 ደቂቃ በኋላ» ተብሎ መጻፍ አለበት። 40 ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ በራስሽ ምድጃ የፈጀውን ሰዓት አይተሽ ጻፊ። «ትንሽ ቆይቶ» ግን አይጻፍ። እሱ ምንም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው በጆሮ የሚታወቅ ምልክት ነው። ወጥ የምትሠራ ሴት ሽንኩርቱ መድረሱን ብዙ ጊዜ በጆሮዋ ነው የምታውቀው። ውሃ እያለው ሲንተከተክ የነበረው ድምፅ እየቀነሰ ሄዶ መንጫጫት ይጀምራል። ቡና ስትቆዪም እንደዚያው ነው፤ ፍሬው ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምር ነው የምትነቂው። እነዚህን በዓይን ወደሚታይ ምልክት መቀየር አለብሽ። «ድምፁ ሲቀየር» ብለሽ ብትጽፊ ድምፅ ለዘጋ ሰው ማሾፍ ነው። «ድስቱን መያዝ ሲጀምር» ብትዪ ግን ማማሰያው የድስቱን ሥር ሲገፋው ያያል። ታዲያ ያንን ቅርብ አድርገሽ ቀርፀሽ ማሳየትም አለብሽ። ጽሑፍ ያላሳየሽውን ነገር አያሳይም።

አሁን 8 ሰከንዱን አብረን እንሥራው። «እንግዲህ» ይውጣ። «እንዲህ አድርገን በደንብ እያማሰልን» ይውጣ፤ እጅሽ ሲያማስል ይታያል። «አትቸኩሉ» የሚለው ቁም ነገር ነው፣ ግን ሰዓቱን ከጻፍሽው ሰው ራሱ ይገባዋል። የሚቀረው ሦስት ነገር ነው፦ ዘይት የለም፣ ይሄን ያህል ጊዜ፣ ደረሰ የሚባለው ይሄን ሲመስል ነው። እኔ ብሆን እንደዚህ አደርገዋለሁ። ጥሬው ሽንኩርት ድስት ውስጥ ሲገባ «2 ኪሎ ሽንኩርት፤ ዘይት የለም»፣ 3 ሰከንድ። ምስሉ ተቆርጦ የተቁላላው ሲመጣ «ከ40 ደቂቃ በኋላ»፣ 2 ሰከንድ። ከዚያ ከቅርብ የተቀረፀው ሽንኩርት ላይ «ድስቱን መያዝ ጀመረ፤ አሁን ዘይት»፣ 4 ሰከንድ። በጠቅላላው 13 ቃል፣ 9 ሰከንድ። አንድ ሰከንድ ብቻ ነው የጨመርነው። የዚያን ሰከንድ ምስል ከየት አመጣለሁ ካልሽ የመጨረሻውን ምስል በትንሹ ቀዝቀዝ አድርጊው፤ ሽንኩርት ሲማሰል ቢዘገይ ማንም አያውቅብሽም።

«በርበሬውን አሁን እንዳትጨምሩ» የት ሄደ? አወጣሁት። በርበሬው ቀጥሎ፣ ከዘይቱ በኋላ ሲገባ ስለሚታይ ቅደም ተከተሉን ምስሉ ራሱ ይናገራል። ሰው በተደጋጋሚ የሚሳሳትበት ከሆነ በርበሬው በሚገባበት ምስል ላይ «በርበሬ ከዘይቱ በኋላ፣ 1 ኩባያ ተኩል» በይው። ሰው በርበሬ እያየ ነው ስለ በርበሬ ማንበብ ያለበት። ሽንኩርት እያየ ስለ በርበሬ ማስጠንቀቂያ ማንበብ ግራ ያጋባል።

ስለ ማስጠንቀቂያ ካነሳን፣ አማርኛ የራሱ የሆነ ጣጣ አለው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ አሉታውም ከግሱ ጋር። «በርበሬውን አሁን» ብለሽ አንድ ጽሑፍ አውጥተሽ፣ እሱ ጠፍቶ «እንዳትጨምሩ» ቢመጣ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ያየው ሰው የተረዳው ተቃራኒውን ነው። ድምፅ ቢኖር ንግግርሽ ይጎትተዋል፣ ዓረፍተ ነገሩ እንዳላለቀ ያውቃል። ያለ ድምፅ ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ብቻ ነው ያለው። ከስልኩ ቀና ብሎ የባቡር ፌርማታውን አይቶ ሲመለስ አንዱ ግማሽ አልፎታል። ስለዚህ ግስ ከዓረፍተ ነገሩ ተለይቶ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ አይተላለፍ። ካልበቃሽ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሪው እንጂ አትክፈይው። ክልከላ ከሆነ ደግሞ ክልከላነቱ ከመጀመሪያው ይታወቅ፦ «ቆይ! በርበሬ አሁን አይገባም»።

አንድ ጽሑፍ ሁለት መስመር ሲሆንም ተጠንቀቂ። «ሽንኩርቱን ያለ» ከላይ፣ «ዘይት አቁላሉ» ከታች ከሆነ፣ ዓይኑ ታች ላይ ያረፈ ሰው በዘይት ያቁላላል። «ሽንኩርቱን» ብቻውን ላይ ይሁን፤ «ያለ ዘይት አቁላሉ» አንድ ላይ ታች። የማይለያዩ ቃላት አንድ መስመር ላይ ይሁኑ። ቪዲዮ የምታቀናብሪበት ፕሮግራም በራሱ መስመር እንዲሰብር አትተዪው፤ እሱ የሚያየው ስፋት ነው እንጂ ትርጉም አይደለም። በዚሁ ምክንያት አሁን ፋሽን የሆነው ቃል በቃል እየዘለለ የሚወጣው ጽሑፍ ለአማርኛ ጨርሶ አልወደውም። ለዘፈን ግጥም ይሁን፤ አሠራር ለማስረዳት ግን ሰውየው ግሱ እስኪመጣ ሌላውን ሁሉ በቃሉ ይዞ መጠበቅ አለበት።

አጭር ጽሑፍ ግን የራሱ አደጋ አለው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም። ሽንኩርቱ ገና አለመብሰሉን ለመናገር «ገና ነው!» ብለሽ ዶሮ ወጥ ላይ ብትጽፊ፣ በተለይ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከለጠፍሽው፣ ሰው የበዓል ቪዲዮ ነው ብሎ እንኳን አደረሰሽ ይልሻል። ብታወሪው ችግር አልነበረውም። ስታሳጥሪ ሁለት ዓይነት የሚነበብ ቃል ከገጠመሽ ሌላ ቃል ፈልጊ፤ «አልበሰለም» ማለት በቂ ነው።

አሁን ስለ መልኩ ትንሽ ልበል። ጽሑፍሽን ከታች ነው የምታስቀምጪው። ቲክቶክ ላይ ከታች የስምሽና የመግለጫሽ ቦታ ነው፣ በስተቀኝ ደግሞ ልብና ኮሜንት የሚነካባቸው ምልክቶች ተደርድረዋል። ጽሑፍሽ እነሱ ሥር ይገባል። በቁሙ የተቀረፀ ቪዲዮ ከሆነ የታችኛውን ሩብና የቀኙን ጠርዝ ባዶ ተዪ። ድስት ከላይ ስለምትቀርጪ መሐሉ የምግቡ ነው፤ ለጽሑፉ የሚመቸው የላይኛው ሦስተኛ እጅ ነው፣ ግን ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ። ከተቻለም ሁሌ አንድ ቦታ ይሁን። ጽሑፉ ወዲያ ወዲህ ከዘለለ ዓይን እሱን ሲያሳድድ ይውላል።

የፊደሉ ነገር ደግሞ። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ ቅጥያ ላይ ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ የሚለያዩት በጫፍ በሚቀጠል ነገር ብቻ ነው። ቪዲዮው ሲጫን ሲታመቅ መጀመሪያ የሚጠፉት እነዚህ ናቸው። ብዙ ሰው ፊደሉ እንዲታይ ብሎ ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር መስመር ያደርግበታል። ለላቲን ፊደል ያስኬዳል፤ በእኛ ላይ ግን መስመሩ ክፍተቶቹን ይደፍናቸዋል። ከፊደሉ ኋላ ግማሽ የሚያሳልፍ ጥቁር ሣጥን አድርጊና ፊደሉ ነጭ ይሁን። ቀይ ወጥ ላይ ቢጫ ፊደል ያምራል፣ አይነበብም። Noto Sans Ethiopic የሚባለው የፊደል ቅርጽ በነፃ ይገኛል፣ ወፈር ያለ ዓይነትም አለው፤ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ስፋቱ 1080 ፒክስል የሆነ ቪዲዮ ላይ የፊደሉን መጠን ከ60 ፒክስል አታሳንሺው። አንድ መስመር ላይም ከ16 ፊደል በላይ ባትደረድሪ ጥሩ ነው።

መግቢያሽን አላየሁትም፣ ግን እገምታለሁ፦ «ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ይዤ መጣሁ መሰላችሁ»። ሲነገር ደስ ይላል፤ ተጽፎ ግን የመጀመሪያዎቹን 4 ሰከንዶች ይበላል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ቪዲዮው ብዙ ጊዜ ሰው ሳይነካው በራሱ፣ ያለ ድምፅ ይጀምራል። ሰው ልቆይ ወይስ ልለፍ ብሎ የሚወስነው እዚያ ላይ ነው። ሰላምታውን በድምፅ በዪው፤ የሚጻፈው ግን «ዶሮ ወጥ፦ 1 ዶሮ፣ 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ 3 ሰዓት» ይሁን። ሌላ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልለይ ብተወው ልክ አይሆንም። እስካሁን ያልኩት ጆሮው እየሰማ ድምፁን ለዘጋ ሰው ነው። መስማት የተሳነው ተመልካች ደግሞ አለ። እሱ ያልሽውን ሁሉ፣ ቀልድሽንም ጭምር የማወቅ መብት አለው። ለእሱ ሙሉ ንግግርሽን ለብቻው በፋይል ማስገባት ይቻላል፤ ዩቲዩብ ላይ ከሰቀልሽው ፈላጊው ከፍቶ ያነበዋል፣ ያልፈለገው አይታየውም። ፋይሉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፣ መጨረሻው `.srt` ይባላል፦

```
1
00:00:04,000 --> 00:00:07,500
ዘይት ምንም አንጨምርበትም።

2
00:00:07,600 --> 00:00:10,600
[ሽንኩርቱ ይንጫጫል]
```

ቁጥሩ፣ ከየት እስከ የት እንደሚታይ፣ ጽሑፉ፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። በቃ። ፋይሉን ስታስቀምጪ `UTF-8` የሚለውን ምረጪ፤ ያለዚያ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ይመጣል። በዚህ ፋይል ላይ ግን ስክሪኑ ላይ ያተምሽውን ጽሑፍ ተማምነሽ ንግግርሽን አታሳጥሪ፤ እሱ ለሌላ ሥራ ነው።

ቃለ መጠይቅ ወይም ጨዋታ የምትሠሪ ከሆነ ግን እስካሁን ያልኩት ማሳጠር አይሠራም። እዚያ ቁም ነገሩ ራሱ ንግግሩ ነው፤ እናትሽ ስለ ዶሮ አገነጣጠል ሲያወሩ «12 ብልት» ብለሽ ብትቆርጪው ጨዋታቸው ጠፋ። እዚያ ንግግሩን መጻፍ ነው፤ በምትኩ ምስሉ ይቅለል። ፊታቸው ብቻ ይታይ፣ ዓይን ሌላ የሚሮጥበት አይኑር።

ሥራሽን ለመፈተን ራስሽን አትመኚ፤ አንቺ አሠራሩን ስለምታውቂው የጎደለውን አእምሮሽ ይሞላዋል። ዶሮ ወጥ ሠርቶ የማያውቅ፣ አማርኛ የሚያነብ ሰው ፈልጊ። እዚያ አሜሪካ አይጠፋም፤ ወንደላጤ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ስልኩን ስጪው፣ ድምፁን ዝጊ፣ አንዴ ብቻ ይየው። ከዚያ «ገባህ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ይሉኝታ ይዞት አዎ ይልሻል። «እስቲ አሠራሩን ንገረኝ» በዪው። ዘይቱ መቼ እንደገባ፣ ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ቅቤው ስንት ማንኪያ እንደሆነ ካልነገረሽ፣ የዘለለው ቦታ ላይ ጽሑፉ ወይ የለም ወይ ቶሎ ጠፍቷል። ሲያይ ዝም ብለሽ አውራ ጣቱን ተመልከቺ። ወደ ኋላ ለመመለስ ስክሪኑን የጎተተበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ ያጠረበት ወይም የበዛበት ቦታ ነው።

የለጠፍሻቸውን የድሮ ቪዲዮዎች ደግሞ ኮሜንታቸውን እዪ። «ስንት ደቂቃ ነው?»፣ «ያ ቢጫ ነገር ምንድነው?»፣ «ዘይት ነው ቅቤ?» የሚሉት ጥያቄዎች ምን እንደጎደለ በቀጥታ ይነግሩሻል። እንደገና መቅረፅ አያስፈልግሽም። ጽሑፉን ብቻ አውጥተሽ፣ ከላይ እንዳየነው አሳጥረሽ፣ ጊዜ የተዘለለበት ጋ ሰዓቱን ጨምረሽ መልሰሽ ስቀዪው። ከዶሮ ወጡ ጀምሪ፤ ሽንኩርቱ ጋ የሠራነውን በርበሬው፣ ዶሮው፣ ቅቤውና መከለሻው የሚገቡበት ቦታ ላይ ደግመሽ ብትሠሪው 75 ሰከንዱ 85 ቢሆን ነው።